ለመኪና ኩባንያው የሚጻፍ ደብዳቤ፦ የተዘጋውን ለማስከፈት፣ አዲሱን ሶፍትዌር ለማስጫን

በአንድ መኪና አስመጪ ኩባንያ የሰርቪስ መቀበያ ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ደንበኛው የሚለውን ሰምቶ ለቴክኒሻኑ በሚገባው ቋንቋ ማስተላለፍ ነበር። አንድ ጠዋት የአንዲት መምህርት ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ። «መኪናዬን ስነዳ በሩ አይቆለፍም፤ የጓደኛዬ ግን ይቆለፋል። እባካችሁ ኮምፒዩተሩን አስተካክሉልኝ» ይላል። ስልክ ቁጥር አለው። የመኪናው ዓይነት፣ የተሠራበት ዓመት፣ የሻንሲ ቁጥሩ ግን የለም።

ደብዳቤው እንደተጻፈው ወደ ኤሌክትሪሻኑ ሄደ። ኤሌክትሪሻኑም የሴንተር ሎክ ብልሽት መስሎት «ይምጣና ይታይ» አለ። መምህርቷ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ መጣች፣ ግማሽ ቀን ጠበቀች፣ «ሴንተር ሎኩ ደህና ነው» ተብላ ተመለሰች። እውነትም ደህና ነበር። የመኪናው በሮች በራሳቸው እንዲቆለፉ የሚያደርገው አገልግሎት ከፋብሪካ ጀምሮ በውስጡ አለ፤ የተዘጋው በሶፍትዌር ነው። የተበላሸ ነገር ስለሌለ ብልሽት የፈለገ ሰው ምንም አላገኘም። ሁለተኛውን ደብዳቤ አብረን ቁጭ ብለን ጻፍነው። ቴክኒሻኑ ሲያነበው አንድም ጥያቄ አልጠየቀም፤ መኪናው በገባ ጊዜም ሥራው ሻይ ጠጥተው እስኪመለሱ እንኳ አልፈጀም።

ያንን ሁለተኛ ደብዳቤ እርስዎም እንዲጽፉት እፈልጋለሁ። የሷ መኪና ቶዮታ ኮሮላ ስለነበረ በሱ አስረዳለሁ፤ መንገዱ ለሌላውም መኪና ያው ነው።

መጀመሪያ የጎደለው ምን እንደሆነ ይለዩ

ባለመኪናዎች «ይህ ነገር በኔ መኪና ላይ አይሠራም» ሲሉ ከሦስት ነገሮች አንዱን ማለታቸው ነው። አንደኛው፣ ዕቃውም ሶፍትዌሩም መኪናው ላይ አለ፤ ቅንብሩ ግን ተዘግቷል። ሁለተኛው፣ ዕቃው አለ፤ የተጫነው ሶፍትዌር ግን አሮጌ ስለሆነ አገልግሎቱን አያውቀውም ወይም በትክክል አይሠራውም። ሦስተኛው፣ ዕቃው ራሱ የለም። ለመጀመሪያው ቅንብር መቀየር ይበቃል፣ ለሁለተኛው አፕዴት ያስፈልጋል፣ ለሦስተኛው ደግሞ ዕቃ መግዛትና ገመድ መዘርጋት ግድ ነው። ሦስቱን ያልለየ ደብዳቤ ለማን እንደሚሰጥ ስለማይታወቅ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ይከርማል።

መለየቱን ከግቢዎ ሳይወጡ ሊያደርጉት ይችላሉ። በመምህርቷ መኪና ያደረግነው ይህን ነው፦ አራቱንም በር ዘግተን በሾፌሩ በር ላይ ያለውን የመቆለፊያ ቁልፍ ተጫንን። አራቱም በሮች ባንድ ጊዜ ጠቅ ብለው ተቆለፉ። ስንከፍተውም አራቱም ተከፈቱ። በየበሩ ውስጥ ያለው ትንሽ ሞተር፣ ገመዱና የሚያዘው ሞጁል ሁሉም በሥራ ላይ ናቸው ማለት ነው። የቀረው «መኪናው ሲንቀሳቀስ ቆልፍ» የሚለው ትእዛዝ ብቻ ነው። ከአራቱ አንዱ በር ሳይቆለፍ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ የጥገና ነበርና ደብዳቤውም ሌላ ይሆን ነበር።

ይህን መሰል ሙከራ ለብዙ ነገር ይሠራል። የኋላ ካሜራ ምስል አልመጣም የሚሉ ከሆነ መጀመሪያ ከኋላ ታርጋው በላይ ካሜራው ራሱ መኖሩን ይመልከቱ። የጉም መብራት እንዲከፈትልዎ የሚፈልጉ ከሆነ መከላከያው ላይ መብራት አለ ወይስ በፕላስቲክ የተደፈነ ቀዳዳ ነው? ፕላስቲክ ከሆነ ማንም ቴክኒሻን በኮምፒዩተር መብራት አያበቅልልዎትም።

የተጠቃሚውን መመሪያ ያንብቡ፤ በተለይ መጨረሻውን

መኪናው ውስጥ ካለው ወረቀት ሁሉ በጣም የሚጠቅመውና ማንም የማይከፍተው የተጠቃሚው መመሪያ መጽሐፍ ነው። በቶዮታ መመሪያዎች ከመጨረሻ አካባቢ ባለቤቱ እንደፍላጎቱ ሊያስቀይራቸው የሚችሉ አገልግሎቶች የተዘረዘሩበት ሠንጠረዥ አለ። በአንድ ዓምድ የአገልግሎቱ ስም፣ በሁለተኛው መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረበት ሁኔታ፣ በሦስተኛው ሊቀየር የሚችልበት ሁኔታ ተጽፏል። አንዳንዱን ሾፌሩ ራሱ መቀየር ይችላል፤ አንዳንዱን ግን የተፈቀደለት ሰርቪስ ክፍል በምርመራ ኮምፒዩተሩ ካልሆነ አይነካውም። ይህ ኮምፒዩተር በቶዮታ ዘንድ ለረጅም ጊዜ የሚታወቀው ቴክስትሪም በሚባለው ፕሮግራም ነው።

ሠንጠረዡ መኪናዎ ለተሠራበት ሞዴልና ገበያ የተጻፈ መሆኑን ያረጋግጡ። በዱባይ በኩል የገባ መኪና ብዙውን ጊዜ የባሕረ ሰላጤውን መመሪያ፣ ከአውሮፓ የመጣ ደግሞ የአውሮፓውን ይዞ ይመጣል። መጽሐፉ ከጠፋ የፋብሪካው ድረ ገጽ ላይ በሞዴልና በዓመት ፈልጎ ማውረድ ይቻላል።

ከመጻፍዎ በፊት አንድ ነገር ይሞክሩ። በአንዳንድ ሞዴሎች የበር መቆለፊያውን ቅንብር ያለ ኮምፒዩተር መቀየር ይቻላል፦ በሮቹን ዘግቶ፣ መክፈቻውን አዙሮ፣ መመሪያው በሚሰጠው ጥቂት ሰከንድ ውስጥ ማርሹን መመሪያው ባዘዘው ቦታ አድርጎ የሾፌሩን የመቆለፊያ ቁልፍ ለአምስት ሰከንድ ያህል ተጭኖ መልቀቅ ነው። የእርስዎ መመሪያ ይህን የሚል ከሆነ ደብዳቤ አያስፈልግዎትም። የማይል ከሆነ ግን ከሌላ ሞዴል ቀድተው አይሞክሩ።

የሚፈልጉትን በትክክል ይወቁ

መምህርቷን ያሰጋት አዲስ አበባ ውስጥ የሚነዳ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፦ መብራት ላይ ቆሞ ሳለ አንድ ሰው በሩን ከፍቶ ከጎን ወንበር ላይ ቦርሳ አንሥቶ ይሮጣል። ስለዚህ «በሩ ይቆለፍልኝ» አለች። ነገር ግን በሠንጠረዡ ላይ «መቆለፍ» ሁለት ዓይነት ነው፤ ልዩነቱም ለሷ ትልቅ ነበር።

አንደኛው በፍጥነት የሚቆለፍ ነው። መኪናው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ በሮቹ ይቆለፋሉ። ሁለተኛው በማርሽ የሚቆለፍ ነው። ሞተሩ ተነሥቶ፣ በሮቹ ተዘግተው፣ ማርሹ ከ P ሲወጣ ወዲያው ይቆለፋሉ። አሁን ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት በሥራ መውጫ ሰዓት ያስቡት። በዚያ መጨናነቅ ውስጥ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሳይደርሱ ረጅም ጊዜ ሊጓዙ ይችላሉ። በፍጥነት የሚቆለፈውን ያስከፈተ ሰው በጣም የሚሰጋበት ቦታ ላይ በሩ ክፍት ነው። በማርሽ የሚቆለፈው ግን ከቤት ሲነሡ ይቆልፋል። እሱም የራሱ ጉድለት አለው፦ መንገድ ላይ ማርሹን ወደ P ሳይመልሱ ሰው ካወረዱ፣ የተከፈተው በር እንደገና የሚቆለፈው ማርሹ እንደገና ከ P ሲወጣ ነው። ብዙ ሰው የሚያወርድና የሚጭን ሾፌር ፍጥነቱን ሊመርጥ ይችላል፤ ሁለቱ አብረው ይሠሩ እንደሆነም መጠየቅ ይገባዋል። መምህርቷ ብቻዋን ስለምትነዳ ማርሹን መረጠች።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ቅንብር ደግሞ አለ፤ ማርሹ ወደ P ሲመለስ በሮቹን ሁሉ የሚከፍተው። ብዙ ቴክኒሻን መቆለፉን ሲከፍት ይህንንም አብሮ ያበራል፤ ለደንበኛው ደግ ያደረገ እየመሰለው። መምህርቷ ግን ልጇን ትምህርት ቤት በር ላይ ስትጠብቅ ሞተሩ እንደተነሣ P ላይ አድርጋ ነው የምትቆመው። አራቱም በሮች ያኔ ቢከፈቱ የመቆለፉ ጥቅም ምኑ ላይ ነው? ስለዚህ በደብዳቤዋ ውስጥ እንዳይነካ የምትፈልገውም ተጻፈ። የሚፈለገውን ብቻ ሳይሆን የማይፈለገውንም መጻፍ ከዚህ የተማርኩት ነገር ነው።

«በአደጋ ጊዜ ተቆልፎብኝ ብቀርስ?» የሚል ስጋትም ብዙ ጊዜ ይነሣል፤ ተገቢ ስጋት ነው። በብዙ የቶዮታ ሞዴሎች ከባድ ግጭት ሲደርስ በሮቹን በራሱ የሚከፍት ሥርዓት አለ። የፊት በርም በብዙዎቹ ተቆልፎ ሳለ ከውስጥ እጀታው ሲሳብ ይከፈታል። የእርስዎ መኪና እነዚህ ያሉት መሆኑን በመመሪያው የበር ክፍል ውስጥ ፈልገው ያንብቡ። ከሌሉት ይህንኑ አውቀው ይወስኑ።

የሻንሲ ቁጥሩን ከመኪናው ላይ ይቅዱ

ሊብሬ ላይ ያለውን ሳይሆን መኪናው ላይ ያለውን ማለቴ ነው። ሊብሬው በሰው እጅ የተገለበጠ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ፊደል ከተሳሳተ ደግሞ ኮምፒዩተሩ መኪናውን አያገኘውም ወይም የሌላ ሰው መኪና ያወጣል። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ በፊት መስታወቱ ግርጌ በሾፌሩ በኩል፣ እንዲሁም የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። በስልክዎ ፎቶ ያንሡት። 17 ፊደልና አኃዝ መሆኑን ይቁጠሩ። ከቁጥር ጋር እንዳይምታቱ ሲባል I፣ O እና Q የሚባሉት ፊደሎች በዚህ ቁጥር ውስጥ አይገቡም። ስለዚህ O የሚመስል ነገር ካዩ ዜሮ ነው፤ I የሚመስልም አንድ ነው።

የመጀመሪያው ፊደል መኪናው የት እንደተሠራ ይናገራል። J ጃፓን፣ L ቻይና ነው፤ በቱርክ የተሠራ ኮሮላ ደግሞ በ NMT ይጀምራል። ኩባንያው የትኛውን ሶፍትዌር መፈለግ እንዳለበት የሚያውቀው በዚህ ቁጥር ነው፤ ስም አንድ ሆኖ ሶፍትዌር የተለያየ መኪና ብዙ ነውና።

ደብዳቤው

አንድ ደብዳቤ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጻፉ። ፍሬኑም ይታይልኝ፣ ዘይትም ይቀየርልኝ የሚል ነገር ከተጨመረበት ደብዳቤው የተራ ሰርቪስ ጥያቄ ይሆንና ዋናው ነገር ይረሳል። ከአንድ ገጽም አይብለጥ። መምህርቷ የጻፈችው ከጥቂት ማስተካከያ ጋር ይህን ይመስላል፦

ቀን ……………

ለ …………… ኩባንያ
የሰርቪስ ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የተዘጋ የበር መቆለፊያ ቅንብር እንዲከፈትልኝ ስለመጠየቅ

የመኪናዬ ዓይነት ቶዮታ ኮሮላ፣ የተሠራበት ዓመት 2015 እ.ኤ.አ.፣ ማርሹ አውቶማቲክ፣ የሻንሲ ቁጥሩ ……………፣ የታርጋ ቁጥሩ ……………፣ እስካሁን የተነዳው 118,400 ኪሎ ሜትር ነው።

በመኪናው የተጠቃሚ መመሪያ ገጽ …… ላይ ባለው የሚቀየሩ አገልግሎቶች ሠንጠረዥ፣ ማርሹ ከ P ሲወጣ በሮቹ በራሳቸው እንዲቆለፉ የሚያደርግ ቅንብር እንዳለ ተጽፏል። በእኔ መኪና ላይ ይህ ቅንብር ተዘግቷል። ሞተሩን አስነሥቼ፣ አራቱንም በር ዘግቼ ማርሹን ከ P ወደ D ሳደርግ በሮቹ አይቆለፉም። በሾፌሩ በር ላይ ያለውን የመቆለፊያ ቁልፍ ስጫን ግን አራቱም በሮች በትክክል ይቆለፋሉ፤ ይከፈታሉም። ስለሆነም የምጠይቀው የቅንብር ለውጥ እንጂ ጥገና አይደለም።

ይህ ቅንብር እንዲከፈትልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ማርሹ ወደ P ሲመለስ በሮቹን የሚከፍተው ቅንብር ግን አሁን እንዳለ ተዘግቶ ይቆይልኝ። ሌላ ቅንብርም እንዳይቀየር አደራ እላለሁ።

የሥራውን ዋጋ፣ የሚወስደውን ጊዜና መኪናውን የማመጣበትን ቀን አስቀድማችሁ በስልክ ቁጥር …………… እንድታሳውቁኝ፤ ሥራው የማይቻል ከሆነም ምክንያቱን በጽሑፍ እንድትገልጹልኝ እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ስምና ፊርማ ……………

አባሪ፦ የሊብሬ ኮፒ፣ የሻንሲ ቁጥሩ ፎቶ፣ የመመሪያው ገጽ ኮፒ

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ቴክኒሻኑ መጀመሪያ የሚፈልገው ሁለተኛው አንቀጽ ነው። ምን ሲደረግ ምን እንደሚሆን፣ ምን እንደተሞከረና ምን እንደሠራ ተነግሮታል። «ኮምፒዩተሩን አስተካክሉልኝ» የሚለው ቃል አንድም ቦታ የለም፤ መኪና ውስጥ አንድ ሳይሆን ብዙ ኮምፒዩተር አለና። የገጹ ቁጥርና ኮፒው ደግሞ «እንዲህ ያለ ነገር መኪናው ላይ የለም» የሚለውን የችኮላ መልስ አስቀድሞ ይዘጋል።

የሚፈልጉት አፕዴት ከሆነ

ደብዳቤው በቅርጹ ያው ነው፤ የሚለወጠው መካከሉ ነው። በመመሪያው ገጽ ፈንታ አሁን የተጫነው የሶፍትዌር ቁጥርና የሚታየው ችግር ይገባል።

ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ነገር በሻንሲ ቁጥሩ ላይ ያልተዘጋ የፋብሪካ ጥሪ፣ ማለትም ሪኮል መኖር አለመኖሩን ነው። አንድ ምሳሌ ላንሣ። ቶዮታ በየካቲት 2014 እ.ኤ.አ. በመላው ዓለም 1.9 ሚሊዮን ያህል ፕሪየስ መኪኖችን ጠርቶ ነበር። በሶፍትዌሩ አሠራር ምክንያት በኢንቨርተሩ ውስጥ ያሉት ትራንዚስተሮች ከመጠን በላይ ሊግሉና ሊጎዱ እንደሚችሉ በመታወቁ ነው። ሲጎዱ የማስጠንቀቂያ መብራቶች ይበራሉ፣ መኪናው ጉልበት ያጣል፣ አንዳንዴም እየሄደ ሳለ ይቆማል። መፍትሔው የሶፍትዌር ለውጥ ነበር። እንዲህ ያለው ጥሪ የሚከተለው ሻንሲውን እንጂ ባለቤቱን አይደለም። የመጀመሪያው ባለቤት ሌላ አገር ሳለ ጥሪውን ችላ ብሎት ከሆነ መኪናው አዲስ አበባ ሲደርስም ያው አሮጌ ሶፍትዌር ውስጡ ነው። ስለዚህ በደብዳቤው ላይ «በዚህ የሻንሲ ቁጥር ላይ ያልተሠራ የፋብሪካ ጥሪ ወይም የቴክኒክ ማሳሰቢያ መኖር አለመኖሩ ታይቶ ይነገረኝ፤ ካለም ወጪው የማን እንደሆነ ይገለጽልኝ» የሚል አንድ አረፍተ ነገር ይጨምሩ። ጥሪ ከሆነ ወጪውን በተለምዶ ፋብሪካው ይሸፍናል። መኪናው በሌላ መንገድ የገባ ከሆነ ግን ኩባንያው ምን እንደሚል አስቀድሞ መስማት ይሻላል።

በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ጉዳዩ ይለያል። ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም ከተወሰነ ወዲህ ለቻይና ገበያ ተሠርተው የመጡ ብዙ መኪኖች መንገዳችን ላይ አሉ። እነዚህ መኪኖች በአገራቸው አፕዴት የሚቀበሉት በውስጣቸው ባለ ሲም ካርድ ነው። ያ ሲም እዚህ ኔትወርክ ካላገኘ ማስታወቂያም አይመጣም፣ አፕዴትም አይወርድም። ባለቤቱ ደግሞ የመኪናውን ዝምታ የደህንነት ምልክት አድርጎ ይወስደዋል። እንዲህ ከሆነ አፕዴቱ በኩባንያው እጅ፣ በምርመራ ኮምፒዩተር ወይም በፍላሽ መጫን ይኖርበታል፤ ያንን ነው በደብዳቤ የሚጠይቁት። ከስክሪኑ ቅንብሮች ውስጥ የሶፍትዌሩ ቁጥር ያለበትን ገጽ ፈልገው ፎቶ አንሥተው ያያይዙ። ጽሑፉ በቻይንኛ ቢሆንም ችግር የለም፤ ቁጥሩ ይነበባል።

አንድ ስህተት ደጋግሜ አይቻለሁ። ሰው አውሮፓ ያለ ዘመዱ መኪና ላይ አዲስ የሶፍትዌር ቁጥር ያይና «ያንን ጫኑልኝ» ብሎ ይጽፋል። ቮልስዋገን አይዲ 4 ለምሳሌ አውሮፓም ቻይናም ይሠራል፤ የቻይናው ሶፍትዌር ግን የአውሮፓው አይደለም። የሌላ ገበያ ሶፍትዌር በግድ የተጫነበት ሞጁል ስክሪኑ ጠቁሮ ሊቀር ይችላል። ቁጥር ከማዘዝ ይልቅ «ለዚህ ሻንሲ የተፈቀደው የመጨረሻው ሶፍትዌር የትኛው ነው? የእኔስ ከሱ በስንት ወደ ኋላ ነው?» ብለው ይጠይቁ።

አፕዴት ከቅንብር ለውጥ ይልቅ ጥንቃቄ የሚፈልግበት ምክንያት አለው። ቅንብር ተመልሶ ይዘጋል፤ አፕዴት ግን ብዙ ጊዜ ወደ አሮጌው አይመለስም። ሲጫንም የሞጁሉ የውስጥ ጽሑፍ ተፍቆ አዲስ ይጻፋል፤ መሀል ላይ ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ ሞጁሉ ግማሽ ተጽፎ ይቀራል፣ መኪናውም ላይነሣ ይችላል። የዚህ ዋና ምክንያት ባለ 12 ቮልቱ ባትሪ ነው። የኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን ከትልቁ ባትሪ ሌላ እንዲህ ያለ ትንሽ ባትሪ አለው፤ ኮምፒዩተሮቹ የሚሠሩት በሱ ነው። የተለመደው ባለ አሲድ ባትሪ ሙሉ ሲሆንና መኪናው ጠፍቶ ሲያርፍ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ከ12.4 በታች ካሳየ በዚያ ባትሪ አፕዴት አይጀመርም። ጥሩ ሰርቪስ ክፍል ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ቮልቱን የሚደግፍ መሣሪያ ባትሪው ላይ ያስራል። ደብዳቤዎ ውስጥ «በሥራው ጊዜ ባትሪው በመሣሪያ እንዲደገፍ» ብለው ቢጽፉ ማንም አይቀየምዎትም። የተጎዳ ባትሪ ካለዎት ግን አስቀድመው ይቀይሩት።

መኪናውን ከማስረከብዎ በፊት የራስዎን ቅንብሮች፣ የስክሪኑን ቋንቋ፣ የቻርጅ ገደቡን፣ የመቀመጫ ትውስታውን በፎቶ ይያዙ። አፕዴት አንዳንዱን ወደ ፋብሪካው ቅንብር ይመልሳል። ከአፕዴት በኋላ ቻይንኛ ስክሪን ፊት ለፊት ተቀምጦ የእንግሊዝኛውን ገጽ መፈለግ ምን ያህል እንደሚያደክም የደረሰበት ያውቀዋል።

ማስገባትና መከታተል

ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ ይዘው ይሂዱ። አንዱን መዝገብ ቤት ያስገቡ፤ በሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፈው፣ ማኅተም አስደርገው ይዘው ይመለሱ። በኋላ ስልክ ሲደውሉ «ደብዳቤ አስገብቼ ነበር» ከማለት ይልቅ የገቢ ቁጥሩን መጥራት ፍለጋውን ያሳጥራል። አንድ ሳምንት ጠብቀው ይደውሉ። ሲደውሉም ጉዳዩ ከመቀበያ ክፍል አልፎ ለየትኛው ቴክኒሻን እንደተሰጠ ይጠይቁ።

መልሱ «አይቻልም» ከሆነ አይቆጡ፤ የትኛው አይቻልም እንደሆነ ይጠይቁ። ዕቃው መኪናው ላይ የለም ማለት ነው? ለዚህ ገበያ ፋብሪካው አልፈቀደም ማለት ነው? ወይስ ኩባንያው ለዚህ ሞዴል የሚሆን ፕሮግራም ወይም ከፋብሪካው ጋር የሚያገናኝ ፈቃድ የለውም? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሌላም ቦታ ቢሄዱ ያው ናቸው። ሦስተኛው ግን የዚያ ኩባንያ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ሌላ ቦታ ሊቻል ይችላል። ለዚህ ነው ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥ በደብዳቤው ያስገባነው።

ከሰርቪስ ክፍል ውጭ በርካሽ የሚከፍቱ ልጆች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ከመካከላቸውም እጃቸው የተዋጣላቸው አሉ። የበር ቅንብር ሲሆን ጉዳቱ ትንሽ ነው። ፍሬን፣ መሪ፣ ኤርባግ ወይም የትልቁን ባትሪ ቁጥጥር የሚነካ ሶፍትዌር ሲሆን ግን አያድርጉት። መኪናው ገና ዋስትና ላይ ከሆነም ከመነካቱ በፊት ዋስትናው ይጎዳ እንደሆነ ኩባንያውን በጽሑፍ ይጠይቁ።

በቀጠሮው ቀን

መኪናውን ሲያስረክቡ የሚሞላው ጆብ ካርድ ላይ ምን እንደተጻፈ አንብበው ይፈርሙ። «ሴንተር ሎክ ይታይ» ተብሎ ከተጻፈ ያስቀይሩት፤ የደብዳቤውን ቃል ያስገቡ፣ የገቢ ቁጥሩንም ያስጠቅሱ። ቴክኒሻኑ የሚያነበው ጆብ ካርዱን እንጂ ደብዳቤውን ላይሆን ይችላል።

ሲጨርሱ ከጊቢው ሳይወጡ ይሞክሩት። መምህርቷ እንዲህ አደረገች፦ ገብታ ተቀመጠች፣ አራቱንም በር ዘጋች፣ ሞተሩን አስነሣች፣ ፍሬን ረግጣ ማርሹን ከ P አወጣች። ጠቅ አለ። ከውጭ የቆመው ቴክኒሻን የኋላውን በር ሳበ፤ አልተከፈተም። ማርሹን ወደ P መለሰች፤ በሮቹ እንደተቆለፉ ቀሩ፣ እንደፈለገችው። ከዚያ የሾፌሩን ቁልፍ ተጭና አራቱንም ከፈተች። በፍጥነት የሚቆለፈውን የመረጡ ከሆነ ግን ጊቢ ውስጥ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማስኬድ ስለማይቻል ከቴክኒሻኑ ጋር ዋናው መንገድ ላይ ወጥተው ይመለሱ።

አፕዴት ከሆነ ደግሞ አዲሱን የሶፍትዌር ቁጥር ከስክሪኑ ላይ አንብበው ከድሮው ፎቶ ጋር ያስተያዩ፤ ቁጥሩ ካልተለወጠ አልተጫነም። ዳሽቦርዱ ላይ ከዚህ በፊት ያልነበረ የማስጠንቀቂያ መብራት ካለም ከመውጣትዎ በፊት ያሳዩአቸው።

የጆብ ካርዱን ኮፒ ከሊብሬው ጋር ያኑሩት። የበሮቹን ሥራ የሚያዘው ሞጁል ወደፊት ተበላሽቶ በአዲስ ከተቀየረ ቅንብሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረበት ሁኔታ ሊመለስ ይችላል፤ ያኔ ኮፒውን ብቻ ይዘው ሄደው «እንደዚህ ይደረግልኝ» ማለት ይበቃዎታል።